ቢም፣ ሳጥን ወይስ ስፖት ላይት? ኮርኒሱ እንዳይረግብ ለምስል ሞዴል እንዴት እንግለጸው

በቅርቡ ለአንዲት ደንበኛ የሳሎን ምስል ሠርቼ ላክሁ። ምስሉን ያመነጨው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሶፋው ያምራል፣ ብርሃኑ ያምራል፣ ወለሉም ልክ ነው። የመጣልኝ መልስ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ኮርኒሱ ውሃ ገብቶበታል እንዴ?»

ደግሜ ሳየው እውነቷን ነው። ሳጥን ሳጥን ሆኖ የተከፋፈለው ኮርኒስ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይጀምራል። ወደ ኋላው ግድግዳ ሲደርስ ሆዱ ወደ ታች ወርዷል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የቋጠረ ሸራ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት ኮርኒሶችን ጎን ለጎን እያደረግሁ ሞክሬያለሁ። አንደኛው ቢም የተጋደመበት ነው። ሁለተኛው ቢሞቹ ቁመትና አግድም ተሻግረው ሳጥን የሠሩበት፣ ኮፈርድ የሚባለው ነው። ሦስተኛው ልሙጥ ሆኖ ስፖት ላይት የተቀበረበት ነው። ሦስቱም ይረግባሉ፤ የሚረግቡበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው። መምረጥ የሚቻለውም ያንን ምክንያት ሲያውቁ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

የምስል ሞዴል ክፍል ሠርቶ ፎቶ አያነሳም። ግድግዳም ኮርኒስም በውስጡ የለም። ያለው ከብዙ ፎቶዎችና ከመግለጫቸው የተማረው ልምድ ነው። ኮርኒሱ አንድ ጠፍጣፋ ነገር መሆኑን የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ሌላም ነገር አለ። እንደ `Stable Diffusion` ያሉ ሞዴሎች የሚሠሩት በምስሉ ላይ በቀጥታ ሳይሆን በተጨመቀ ቅጂው ላይ ነው። በብዛት 8 በ8 ፒክሰል የሆነው ቦታ ወደ አንዲት ነጥብ ይጨመቃል። ስለዚህ ስፋቱ ከ8 ፒክሰል ያነሰ መስመር የራሱ ነጥብ እንኳ የለውም። ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀልና ይሟሟል።

ይህ ለኮርኒስ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ክፍል እንየው። ካሜራው ከኋለኛው ግድግዳ 7 ሜትር ይርቃል። የክፍሉ ስፋት 5 ሜትር፣ የኮርኒሱ ከፍታ 3 ሜትር ነው። ካሜራው ከወለል 1.5 ሜትር ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይመለከታል። ሌንሱ 24 ሚሊሜትር፣ የምስሉ ስፋት 1536 ፒክሰል፣ ቁመቱ 1024 ፒክሰል ነው።

በዚህ ልክ አንድ የኮርኒስ መስመር ከምስሉ መሃል ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚታይ ለማወቅ 1536ን በርቀቱ ማካፈል ይበቃል። ከካሜራው 3 ሜትር ርቆ ያለው መስመር 512 ፒክሰል ከፍ ይላል፤ ያ የምስሉ የላይኛው ጠርዝ ነው። ከዚያ የቀረበው የኮርኒስ ክፍል አይታይም። 4 ሜትር ላይ ያለው 384፣ 5 ሜትር ላይ ያለው 307፣ 6 ሜትር ላይ ያለው 256፣ ግድግዳው ጋ ያለው 219 ፒክሰል ላይ ነው።

በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ልብ በሉት። የመጀመሪያዋ አንድ ሜትር 128 ፒክሰል ታገኛለች። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር 37 ብቻ ይደርሳታል። ሞዴሉ ከኋላ በኩል የሚሰንፈው ስለዚህ ነው፤ ቦታው ያልቅበታል። መሙላት ስላለበት ግን የመሰለውን ይሞላል። መርገቡ ሁልጊዜ ከኋላ የሚጀምረውም ለዚህ ነው።

ቢም፦ በቃል ብቻ ለሚሠራ ሰው

መግለጫ ከመጻፍ ውጪ ሌላ መሣሪያ ከሌላችሁ ቢም ምረጡ። ግን አቅጣጫውን ራሳችሁ ወስኑ፤ ለሞዴሉ አትተዉለት።

ቢሞቹ ከግራ ግድግዳ ወደ ቀኝ ግድግዳ ቢጋደሙ፣ ፊት ለፊት በሚመለከት ካሜራ እያንዳንዳቸው ከምስሉ ጠርዝ ጋር ትይዩ የሆነ አግድም መስመር ይሆናሉ። ሞዴሉ እንዲህ ያለ መስመር አይከብደውም። ከካሜራው ወደ ኋላው ግድግዳ የሚሄዱ ከሆነ ግን ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። ሞዴሉ እዚህ ላይ ይስታል። ሁለቱን ቢሞች አንድ ቦታ፣ ሌሎቹን ሁለት ሌላ ቦታ ያገናኛል። ያኔ ኮርኒሱ መሃሉ የተሰበረ ድንኳን ይመስላል።

የተጋደመ ቢም ሌላም ጥቅም አለው። ከፊት ያለው ቢም ከኋላው ያለውን ኮርኒስ በከፊል ይሸፍናል። የሚታየው ልሙጥ ቦታ ሲያንስ የሚሳሳትበትም ቦታ ያንሳል።

ብዛቱን ሦስት ወይም አራት አድርጉት። ሞዴሎች ትንሽ ቁጥር ይይዛሉ፤ አሥራ ሁለት ብትሉት ግን ዘጠኝም አሥራ አምስትም ሊሠራ ይችላል። ክፍተቱም ያኔ ይዛባል፤ ዓይን ደግሞ የተዛባ ክፍተትን እንደ ጉብታ ነው የሚያነበው።

የቢሙን ጫፍ መግለጽም አትርሱ። ሁለቱም ጫፎች ግድግዳው ጋ ቀጥ ብለው እንደሚገቡ ጻፉ። ካልተጻፈ አንዳንዱ ቢም ግድግዳው አጠገብ ደብዝዞ ይጠፋል፣ ወይም ከወንድሙ ዝቅ ብሎ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግን የእንጨቱ ዓይነት ላይ ነው። `rustic`፣ `aged`፣ `hand-hewn` የሚሉ ቃላት ሲገቡ ቢሙ ይጎብጣል። ሞዴሉ ስህተት አልሠራም። በእነዚህ ቃላት የተገለጹ ፎቶዎች የድሮ ቤቶች ናቸው፤ በድሮ ቤት ደግሞ ቢሙ የእውነት ጎብጧል። የእንጨት ሙቀት ከፈለጋችሁ ስለ ቀለሙና ስለ እንጨቱ መስመር ጻፉ፤ ስለ ዕድሜው አትጻፉ። `straight planed oak beams` የሚለው እንጨቱን ይሰጣችኋል፣ ጎባጣነቱን ግን አያመጣም።

ሳጥን፦ ከሁሉም አስቸጋሪው

እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ ላድርግ። ደንበኛዬን ያሳዘነው ኮርኒስ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱ እስኪገባኝም ጊዜ ወስዶብኛል።

ሳጥን ኮርኒስ ቢም በሁለት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄዱት መስመሮች ችግር እዚህም አለ። ግን ዋናው ነገር ጥልቀቱ ነው።

ወደዚያው ክፍል እንመለስ። የቢሞቹ የታችኛው ፊት 3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሳጥን ከነቢሙ 1 ሜትር ነው፤ ክፍቱ 80 ሳንቲሜትር፣ ቢሙ 20 ሳንቲሜትር። ሳጥኑ ወደ ላይ 20 ሳንቲሜትር ይገባል። በብዙ መግለጫ ላይ የሚጻፈው ይህን የመሰለ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ረድፍ ሳጥን ተመልከቱ። ክፍቱ 6 ሜትር ላይ ይጀምርና 6.8 ሜትር ላይ ያበቃል። በምስሉ ላይ ከ256 እስከ 226 ፒክሰል ድረስ፣ 30 ፒክሰል ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ክፍት ውስጥ ምን ይታያል? ከወዲያ ማዶ ያለው የቢሙ ጎን ወደ እኛ ዞሮ ተገትሯል። እሱ ብቻውን 30 ፒክሰል ይይዛል። ማለትም የሳጥኑ ጣሪያ ጭራሽ አይታይም። ከዚያ ርቀት የሚታየው የቢሙ ጎን ብቻ ነው።

ሞዴሉ ግን ይህን ስሌት አያውቅም። ሳጥን ከተባለ በሳጥኑ ውስጥ ጣሪያ መኖር አለበት ብሎ ይሥላል። ጣሪያው እንዲታይ ደግሞ የኋላው ረድፍ ወደ እኛ ማዘንበል አለበት። ስለዚህ ያዘነብለዋል። ሆድ የሚመስለው ይኸው ነው። በዚያ ላይ የመጨረሻው ቢም የታች ፊት ውፍረቱ 6 ፒክሰል ተኩል ገደማ ነው፤ ከ8 ያንሳል። እሱም ይሟሟል።

ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ነው። ሳጥኑን አስፉት፣ ጥልቀቱን ቀንሱት። የሳጥኑን ርዝመት 2 ሜትር፣ ጥልቀቱን 8 ሳንቲሜትር ብናደርገው የመጨረሻው ክፍት ከ5 ሜትር እስከ 6.8 ሜትር ይሆናል። በምስሉ ላይ 81 ፒክሰል ያገኛል። የቢሙ ጎን 12 ብቻ ይወስዳል፤ ለጣሪያው 69 ይተርፋል። ሞዴሉ የሚሥለውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

በእርግጥ ለሞዴሉ «8 ሳንቲሜትር» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። ልኬት አያነብም። `shallow` የሚለው ቃልና አነስተኛ የሳጥን ቁጥር ግን ይሠራሉ። በእኔ ልምድ ሦስት ዓምድ በሁለት ረድፍ ጥሩ ነው። ከሦስት ረድፍ በላይ ስሄድ በቃል ብቻ ቀጥ ያለ ኮርኒስ ማግኘት ዕድል ይሆንብኛል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። `coffered` የሚለው ቃል ብቻውን ጠፍጣፋ ማለት አይደለም። በጣም ከሚታወቁት ሳጥኖች መካከል የሮሙ ፓንቴዎን ይገኛል። እዚያ ሳጥኖቹ በአምስት ቀለበት፣ በእያንዳንዱ 28 እየሆኑ ጉልላት ላይ ነው ያሉት። ሞዴሉ ቃሉን ከጉልላትና ከቤተ መንግሥት ጋር አቆራኝቶ ነው የተማረው። `grand` ወይም `dramatic` ካከላችሁበት ኮርኒሱ መጎንበስ ቢጀምር አይድነቃችሁ። ሁልጊዜ `flat horizontal` ብላችሁ ከፊቱ አስቀድሙ።

ከቃል ያለፈ መሣሪያ ካላችሁ ጨዋታው ይቀየራል። `ControlNet` የሚባለው ተጨማሪ መሣሪያ፣ ሞዴሉ የሰጣችሁትን ሥዕል እየተከተለ እንዲሥል ያስገድደዋል። ከዓይነቶቹ `MLSD` የሚባለው ቀጥ ያሉ መስመሮችን ብቻ ይለያል፤ ለክፍል ውስጥ ሥዕል ተስማሚ ነው። የሳጥኑን መስመሮች በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኙ አድርጋችሁ ሥሩና ስጡት። ጥልቀትን የሚያነበው `Depth` ግን ለሳጥን ብቻውን አይበቃም። በ7 ሜትር ክፍል ውስጥ የ8 ሳንቲሜትር ልዩነት ርቀትን በሚያሳየው ግራጫ ቀለም ላይ እንደ ኢምንት ነው።

ስፖት ላይት፦ ቀላል መስሎ የሚያታልለው

ልሙጥ ኮርኒስ ላይ ጥቂት መብራት ምን ይከብዳል ይባላል። መስመር ስለሌለው የሚጣመምም የለም። ነገር ግን መስመር ሲጠፋ ዓይን ቅርጹን የሚያነበው ከጥላና ከብርሃን ነው። ያ ደግሞ በቀላሉ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ምልክት የመብራቱ ቅርጽ ነው። ክብ መብራት ከርቀት ሲታይ ክብ አይሆንም፤ ይጨፈለቃል። በእኛ ክፍል ኮርኒሱ ከዓይን በላይ 1.5 ሜትር ነው። 3 ሜትር ላይ ያለ መብራት ቁመቱ የስፋቱ ግማሽ ይሆናል። 6 ሜትር ላይ ሩብ ብቻ ነው፤ 15 ሳንቲሜትር የሆነ መብራት 26 ፒክሰል ሰፍቶ 6 ፒክሰል ብቻ ይቆማል። ሞዴሉ ግን መብራት ክብ ነው ብሎ ስለሚያውቅ ከኋላም ክብ አድርጎ ይሥለዋል። ክብ መብራት ያለበት ኮርኒስ ወደ እኛ ያዘነበለ ይመስላል። መስመሩ ሁሉ ቀጥ ብሎም ዓይናችን «ረግቧል» ይላል።

ሁለተኛው ምልክት በመብራቱ ዙሪያ የሚሣለው ጮራ ነው። የተቀበረ መብራት ወደ ታች ነው የሚያበራው። ዙሪያው ያለው ኮርኒስ ብርሃን የሚያገኘው ከወለልና ከግድግዳ ተንጸባርቆ ነው፤ ስለዚህ ወጥ ነው። ሞዴሉ ግን እያንዳንዱን መብራት በደማቅ ክብ ይከበዋል፣ በመካከላቸው ጥቁር ጥላ ይተዋል። ያ ጥላና ብርሃን ሲደጋገም ኮርኒሱ እንደ ፍራሽ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል።

ስለዚህ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ እናንተ ንገሩት። ወለሉ ላይ የብርሃን ክብ፣ ግድግዳው ላይ ቅስት፣ ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ወጥ ነጭ። `glow` እና `halo` የሚሉትን ቃላት አውጧቸው። ዋናው ብርሃን ከመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ይሁን። በኮርኒሱ ጠርዝ ዙሪያ የተደበቀ የመብራት መስመርም ተጠንቀቁ፤ ጠርዙ ደምቆ መሃሉ ሲጨልም ኮርኒሱ ሰሃን ይመስላል።

ልሙጥ ኮርኒስ ጠርዙ ላይ መስመር ያስፈልገዋል። በግድግዳዎቹ ዙሪያ ቀጭን ጌጥ ወይም ስስ ክፍተት ጨምሩለት። አራቱ ጠርዞች ቀጥ ካሉ መሃሉ ትንሽ ቢዛባም ዓይን ይቅር ይላል። እኔ በተለይ የምወደው በተጋደሙ ቢሞች መካከል ስፖት ላይት ማስቀመጥ ነው። ቢሙ የመብራቱን ቦታ ስለሚወስንለት መብራቶቹ አይበታተኑም።

ለሦስቱም የሚያገለግሉ ቃላት

`one-point perspective` እና `level camera` መግለጫው መጀመሪያ አካባቢ ይግቡ። `wide angle` ሰፊ ክፍል ለማሳየት ያጓጓል፤ ነገር ግን ጠርዙ የተጠማዘዘ ፎቶ ይዞ ይመጣል። `fisheye` ጭራሽ አይታሰብም። ምስሉን በቁመት ሳይሆን በአግድም አድርጉት፤ ቁመት ሲረዝም ለመሙላት ብዙ ኮርኒስ ይፈለጋል።

ደግሞ «እንዳይረግብ» ብላችሁ ዋናው መግለጫ ውስጥ አትጻፉ። `no sagging ceiling` ውስጥ ሞዴሉ አጥብቆ የሚይዘው `sagging` የሚለውን ነው። የማይፈለገው ነገር ለብቻው የሚጻፍበት ሣጥን ካለ እዚያ ይግባ። ከሌለ የምትፈልጉትን ብቻ ግለጹ።

የደንበኛዬ ሳሎን እንዴት ተስተካከለ

የመጀመሪያው መግለጫዬ ይህ ነበር፦

```
grand rustic living room, dramatic coffered ceiling,
wide angle, no sagging ceiling
```

አሁን ሳነበው ኮርኒሱን ሊያጎብጥ የሚችለውን ነገር በሙሉ ሰብስቤ ሰጥቼዋለሁ። ትልቅነት፣ ዕድሜ፣ ሰፊ ሌንስ፣ መርገብ። የካሜራው አቋምም ሆነ የሳጥኑ ቁጥር የለም።

ደንበኛዋ ቢም አልፈለገችም፤ ሳጥን ነው የምትወደው። ስለዚህ ሁለተኛውን እንዲህ ጻፍኩት፦

```
one-point perspective interior photo, level camera,
flat horizontal coffered ceiling, shallow panels,
3 columns, 2 rows, straight white crossbeams,
thin cornice on all walls, even daylight
```

ከዚህ ጋር በ`MLSD` በኩል የመስመር ሥዕል ሰጠሁት። አምስት ምስል አወጣሁ። ለመምረጥ ዓይኔን ብቻ አላመንኩም፤ በእያንዳንዱ ላይ ማሰመሪያ አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ቢሞች መስመር አራዘምኳቸው። ሁሉም ከዓይን ከፍታ ጋር እኩል በሆነ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። ሁለቱ ምስሎች እዚህ ላይ ወደቁ። ቀጥሎ ሰያፉን ፈተና አደረግሁ። ከአንድ ሳጥን ጥግ በሰያፍ ወደ ማዶው ጥግ መስመር ስቡ፤ የቢሞቹን መሃል መገናኛ ተጠቀሙ። ኮርኒሱ ጠፍጣፋና ሳጥኖቹ እኩል ከሆኑ ያው መስመር ሳይሰበር በቀጣዩ ሳጥን ጥግ ያልፋል። ይህ ፈተና የመጀመሪያው የማያገኘውን ያገኛል። ቢሞቹ በትክክል ተገናኝተውም ረድፎቹ ያለ ልካቸው ሊራራቁ ይችላሉ፤ ያኔ ሰያፉ ረድፉ ላይ ክርን ይሠራል። አንደኛው ምስል እንዲህ ሆነ።

ከቀሩት ሁለቱ አንዱን መረጥኩ። የኋለኛው ግራ ሳጥን ብቻ ጥጉ ደብዝዞ ነበር። ያንን ቦታ ብቻ ከልዬ ደግሜ አስሣልኩት፤ ሳጥኑን ብቻ ስከልል አዲሱ ጥግ ከግድግዳው ጌጥ ጋር አልገጠመም። በሁለተኛው ሙከራ ከሳጥኑ ጋር የጎኑን ግድግዳ ራስና የጎረቤቱን ቢም ግማሽ ጨምሬ ከለልኩ። ሞዴሉ የሚከተለው መስመር ሲያገኝ ጥጉ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ሰያፉም ቀጥ ብሎ አለፈ።